የሚያድረው ሊጥ

አባቴ ባረፈ ጊዜ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ እኅቴ ደግሞ አራተኛ ክፍል ነበረች። አርባው እንዳለፈ የትምህርት ቤት ክፍያ ማሳሰቢያ መጣ፤ የሁለታችን የወር ክፍያ 900 ብር ነበር። እናቴ ወረቀቱን አንብባ አጠፈችውና በሰፈራችን ወዳለው ቁርስ ቤት ሄደች። ስትመለስ በየማለዳው 48 ዳቦ ልታቀርብ ተስማምታ ነበር።

ማታ 3 ሰዓት ሦስት ኪሎ የስንዴ ዱቄት በለብታ ውኃ ታቦካለች። እርሾውን እጅግ ታሳንሰዋለች፤ ሊጡ የሚያድር ስለሆነ እርሾ ከበዛበት ኩፍ ብሎ ይወድቃል፤ ይኮመጥጣልም። ሌሊት 8 ሰዓት ተነሥታ ታድበለብለውና ጥቂት አቆይታ በጣቷ ጫን ታደርገዋለች። የጣቷ ምልክት ቀስ ብሎ ከሞላ ለምጣድ ደርሷል፤ ወዲያው ከሞላ ገና ነው፤ ጨርሶ ካልሞላ ግን አልፎበታል። ከዚያም በኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ 12፣ በአራት ዙር ጋግራ ጠዋት 12 ሰዓት ታደርሳለች።

አንዱን ዳቦ በ3 ብር ስለምትሸጥ በቀን 144 ብር ታገኝ ነበር። ለዱቄት 60 ብር ስታወጣ 84 ይተርፋል ብላ፣ ክፍያው በ11 ቀን ይሞላል ስትል አሰበች። የመብራቱ ሂሳብ ሲመጣ ግን ስሌቱ ፈረሰ። መብራት፣ እርሾ፣ ጨውና ዘይት በቀን 24 ብር ይወስዱ ነበርና በእውነት የሚተርፈው 60 ብር ብቻ ነበር። 900ውን ለመሙላት 15 ማለዳ ያስፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ የዱቄቱንና የመብራቱን ገንዘብ በአንድ ጣሳ፣ የትምህርት ቤቱን በሌላ ጣሳ ለየች፤ ከሁለተኛው ጣሳ ለወጥ እንኳ አልነካችም።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ሊጡ ደርሶ ነበርና መጠበቅ አይቻልም። እናቴ ሊጡን ሰብስባ ከሰል አቀጣጠለች፤ በድስት ውስጥ አድርጋ ከሥርና ከላይ ፍም ሰጥታ ሁለት ትልልቅ ድፎ ጋገረች። ሥሩ አርሮ ነበር። እኔ ያረረውን ፍቀሽ ስጪያቸው አልኋት። እርስዋ ግን ዳቦውን ገልብጣ ለቁርስ ቤቱ ባለቤት አሳየችና በግማሽ ዋጋ ሰጠች። በዚያ ቀን ሁለተኛው ጣሳ ባዶ እጁን ዋለ።

ስለ ሰራፕታዋ መበለት ባነበብሁ ቁጥር በማድጋው ስላላለቀው ዱቄት ብቻ አስብ ነበር። አሁን ግን ሴቲቱ በየቀኑ ተነሥታ ማቡካቷንና መጋገሯንም አስባለሁ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ለኪዳን በሌሊት ስነሣ የማንቂያ ደወል አያስፈልገኝም። በዚያ ሰዓት የሊጥ ሽታ ያነቃኝ ነበርና።