ከ22 ገጽ ወደ 8

ባልንጀራዬ ሸዋ ሮቢት ላይ የሽንኩርት ብልሽት ሊያጠና ፈልጓል። በቆላው ሙቀት ሽንኩርት ስለማይቆይ ገበሬው ባገኘው ዋጋ ይሸጣል። የጥናት ዕቅዱ 22 ገጽ ነው። ገንዘብ ሰጪው ግን 8 ገጽና አምስት ርዕስ ብቻ ይላል፤ ችግሩ፣ ዓላማው፣ ዘዴው፣ የውጤቱ ጥቅም፣ በጀቱ።

“ፊደሉን ላሳንሰው?” አለኝ። እንዴት ተደርጎ! የፊደሉም መጠን በመመሪያው ተወስኗል እኮ።

ባዶ ወረቀት ላይ አምስቱን ርዕሶች ጽፈን የድሮዎቹን አንቀጾች አንድ በአንድ በየርዕሱ ሥር አስገባን። ጉዱ ያኔ ወጣ። ዘጠኝ ገጽ የበላው “የቀደምት ጥናቶች ቅኝት” ማረፊያ የለውም! ይኸው ጥናት ለምን እንዳስፈለገ የሚያሳዩትን አራት ዓረፍተ ነገሮች “ችግሩ” ውስጥ ከተትን፤ የተረፈው ተሰናበተ። “የውጤቱ ጥቅም” ደግሞ ባዶውን ቁጭ ብሏል። ገበሬው በውጤቱ ምን ያደርግበታል የሚለው በመደምደሚያው አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፤ አንድ ሙሉ ገጽ ሰጠናት።

ዘዴውን ብዙም አልነካነው። ሽንኩርቱ የት እንደሚቀመጥ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚመዘን ካልተጻፈ ገምጋሚው በምን ይመነው?

ወዳጄ ቦታ ለመቆጠብ አጣዬን ከዘዴው ሰርዞ ነበር። በጀቱን ሳየው የአጣዬ መኪና ኪራይ አሁንም እዚያው አለ።