ቀለሙን ቀይር ሲባል ጥልፉን የሚቀይረው ማሽን

የሐበሻ ቀሚስ ፎቶ በኤአይ አስተካክላችሁ የምታውቁ ይህ ገጥሟችኋል። «ክሩን አረንጓዴ አድርገው» ትሉታላችሁ። ክሩን አረንጓዴ ያደርግና ደረቱ ላይ ያለውን መስቀልም በሌላ መስቀል ይተካዋል። ሦስት ጊዜ ካስተካከላችሁ ሦስት የተለያየ ቀሚስ ታገኛላችሁ።

እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም አንዲት ጎረቤቴ ቀሚስ እየሰፋች በቴሌግራም ትሸጣለች። አንድ ጊዜ ቀለሙ በዚህ መንገድ የተቀየረ ፎቶ ለጠፈች፤ ደንበኛ አይታ ቀብድ ከፈለች። ቀሚሱ ሲደርስ ሴትዮዋ ስልኳን አውጥታ «ፎቶው ላይ መስቀሉ ስምንት ቅርንጫፍ አለው፣ እዚህ አራት ነው» አለች። ቀብዱ ተመለሰ፣ ቀሚሱ ቀረ።

ሞዴሉ የሚያውቀው ከብዙ ፎቶዎች የቃረመውን የቀሚስ አማካይ መልክ ነው። የእሷን ጥልፍ አያውቅም፤ የነካውን ቦታ ሁሉ እንደ አዲስ ይስለዋል። ስለዚህ ሎራ አሠለጠንን። ሎራ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ለቋንቋ ሞዴሎች ያወጡት ዘዴ ነው። ትልቁ ሞዴል ሳይነካ ይቀመጣል፤ የአንድን ነገር መልክ ብቻ የሚማር ትንሽ ፋይል በላዩ ይጨመራል።

28 ፎቶ በቃን፤ ሁሉም የአንድ ቅድ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አንገቱን፣ ደረቱንና የእጅጌውን ጫፍ በቅርበት ያነሳናቸው ናቸው። እነዚህ ሞዴሎች ምስሉን በቁመትም በስፋትም ስምንት እጥፍ አሳንሰው ነው የሚሠሩት። ከሩቅ የተነሳ ስፌት እዚያው ይጠፋል።

ዋናው ብልሃት በየፎቶው ሥር የሚጻፈው መግለጫ ላይ ነው። እንዲህ ጻፍን፦

```
ldtkemis, woman standing, red thread, white wall
```

የክሩ ቀለምና ግድግዳው ተጽፈዋል፤ ስለዚህ በኋላ ሊቀየሩ ይችላሉ። ቅዱና ጥልፉ ግን አልተጻፉም። ያልተጻፈውና በሁሉም ፎቶ የሚደጋገመው ነገር `ldtkemis` ከሚለው የፈጠራ ስም ጋር ይጣበቃል። እንዲጸና የምትፈልጉትን አትጻፉት።

በየ250 እርምጃው ፋይሉን እያስቀመጥን እስከ 2000 ሄድን። ከዚያ በፎቶዎቹ ውስጥ ያልነበረ ነገር ጠየቅን፦ ሰማያዊ ክር፣ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት። የ750ው ጥልፉን አቀለጠው። የ2000ው ነጩን ግድግዳ ሳይጠየቅ ይዞ መጣ፤ ይህ ትምህርቱ ወደ ሽምደዳ መቀየሩን ያሳያል። የ1500ውን መረጥን።

አሁን ቀለሙ አሥር ጊዜ ቢቀየርም ቅዱ ያው ነው። ሆኖም ሎራው መልክ እንጂ ቁጥር አያውቅም፤ አልፎ አልፎ አንድ ቅርንጫፍ ይጨምራል። ስለዚህ ጎረቤቴ እያንዳንዱን ፎቶ ከመለጠፏ በፊት ከእውነተኛው ቀሚስ ጋር አስተያይታ ትቆጥራለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። 28 ፎቶ ለእኛ ከበቃ ለሌላውም ይበቃል። የእሷ ቻናል ላይ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ፎቶ ተለጥፏል። ዓመታት የፈጀ የእጅ ሥራ በአንድ ሌሊት ወደ ማያውቁት ሰው ኮምፒውተር ሊገባ ይችላል። ስለዚህ አንድ ነገር መከርኳት፤ ሙሉ ቀሚሱን ለጥፊ፣ የስፌቱን የቅርብ ፎቶ ግን ለከፈለ ደንበኛ ብቻ ላኪ።