ሁለት ዶላሯን ምን ብላ ትዘዘው?

ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙ የመጣው ከአውቶሞቢል ሳይሆን ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ነው። ግራና ቀኙ ሰፊዎች ናቸው። እዚያው አካባቢ የሐረሪ ቀሚስ የምታሰፋና የምትሸጥ አንዲት ባለሱቅ፣ ረመዳን ሲገባ ለሸዋል ኢድ ጨርቅና ክር ልትገዛበት ካስቀመጠችው ብር ቀንሳ ለፌስቡክ ማስታወቂያ መደበች። በቀን 2 ዶላር፣ በሳምንት 14 ዶላር መሆኑ ነው። እንደብዙው የአገራችን ነጋዴ እሷም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሌላት የሚከፍልላት አንድ ወኪል ነው፤ እሱ ደግሞ ዶላሩን በ170 ብር ያስብባታል። ሳምንቱ 2,380 ብር ወጣ። አንድ ቀሚስ 1,500 ብር ገደማ ስለሚያተርፍላት በየሳምንቱ የአንድ ቀሚስ ተኩል ትርፍ ታወጣለች ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ቢባክን የምታጣው የበዓሉን ጨርቅ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ያደረገችው ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። የቀሚሱን ፎቶ ለጠፈች፣ Boost post የሚለውን ነካች፣ ግብ ምረጪ ሲላት Get more engagement የሚለውን መረጠች፣ ቦታውን መላው ኢትዮጵያ አለችው። ሰባት ቀን አለፈ። 1,100 ላይክ፣ ብዙ «ማሻአላህ»፣ ብዙ ልብ። የተሸጠ ቀሚስ ግን ዜሮ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ፌስቡክ በላኝ» ይላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ግብ የሚባለው ነገር ለማሽኑ የሚሰጥ ትዕዛዝ ነው። ማሽኑ በተሰጠው ክልል ካሉት ሰዎች መካከል የታዘዘውን ድርጊት በርካሽ የሚፈጽሙትን እየፈለገ ማስታወቂያውን ለእነሱ ያሳያል። ላይክ ከታዘዘ ያየውን ሁሉ ላይክ የማድረግ ልማድ ያለውን ሰው ያገኛል። ጎንደር ሆኖ የሐረሪ ቀሚስ ደስ ብሎት ጣቱን የጣለ ሰው ለማሽኑ የተሳካ ሥራ ነው። ሴትየዋ የጠየቀችው ያንን ነው፤ የተሰጣትም ያው ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ወኪሉ ሐሳብ አመጣ። ቀሚሶቿ በዋጋቸው የተደረደሩት ቴሌግራም ቻናሏ ላይ ስለሆነ ሰዉን ወደዚያ እንላከው አለ። ግቡን Traffic አደረገው። በሳምንቱ መጨረሻ 210 ጊዜ ሊንኩ ተነክቷል የሚል ቁጥር መጣ። ቻናሉን የተቀላቀሉት ግን 11 ሰዎች ናቸው። የቀሩት 199 የት ገቡ?

መልሱ ቀላል ነው። የታዘዘው መንካት ነው፤ ሊንኩ ሲነካ የማሽኑ ሥራ አለቀ። ቴሌግራም የሌላ ኩባንያ ስለሆነ ሰውየው ከነካ በኋላ ቻናሉን ያንብብ፣ ገጹ ገና ሳይከፈት ይመለስ፣ ፌስቡክ አያይም። የማያየውን ደግሞ ሊማርበት አይችልም። በዚያ ላይ ማስታወቂያው የት የት እንደሚወጣ ማንም አልነካውም ነበርና የተወሰነው በሌሎች መተግበሪያዎችና ጌሞች ውስጥ ወጥቷል። እዚያ ደግሞ ልጅ ስልክ ይዞ ሲጫወት በስህተት የሚነካው ብዙ ነው። የራሱን ማጣራት የሚፈልግ ነጋዴ ሁለት ቁጥር ያስተያይ፤ ፌስቡክ «ተነካ» ያለውን እና በዚያው ሳምንት በቻናሉ ላይ የጨመረውን ሰው። ልዩነቱ እንዲህ ሲሰፋ ግቡ ተሳስቷል።

በዚህ ጊዜ የእህቷ ልጅ ጣልቃ ገባ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ ነው፣ ዝርዝሩን አይቶ Sales የሚል አገኘ። «አቦ አክስቴ፣ አንቺ የምትፈልጊው ሽያጭ አይደል? ሽያጭ እኮ ይኸው!» አላት።

የልጁ ነገር ከሁሉም ይልቅ ትክክል ይመስላል፤ ስህተቱም የሚከብደው ለዚህ ነው። ማሽኑ ሽያጭ ፈላጊ የሚሆነው ሽያጭ ሲፈጸም ማየት ከቻለ ብቻ ነው። የሚያየው በአብዛኛው ድረ ገጽ ላይ በሚተከል መከታተያ ኮድ ነው። እሷ ድረ ገጽ የላትም፤ ሽያጩ የሚፈጸመው በሱቋ ባንኮኒ ላይ፣ በጥሬ ብር ወይም በቴሌብር ነው። ድረ ገጽ ቢኖራትም እንኳ ሌላ ግድግዳ አለ። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ራሱ እንደሚለው ማሽኑ በደንብ ለመማር የታዘዘው ድርጊት በሳምንት 50 ጊዜ ያህል ሲፈጸም ማየት አለበት። 14 ዶላር ለ50 ሲካፈል 28 ሳንቲም ይመጣል። በ28 የአሜሪካ ሳንቲም ማስታወቂያ አንድ የበዓል ቀሚስ የሚሸጥበት አገር የለም።

ምርጫው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። በትንሽ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ሊፈጸም የሚችል፣ ፌስቡክ ራሱ የሚያየው፣ ለሽያጭም በጣም የቀረበ ድርጊት የቱ ነው? ላይክ ብዙ ጊዜ ይፈጸማል፤ ከሽያጭ ግን ሩቅ ነው። ሽያጭ ሩቅ አይደለም፤ ግን በሳምንት አራት አምስት ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም አይታይም። መሐል ላይ ያለው መልእክት ነው። «ይሄ በ42 አለ ወይ?» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢያንስ ቁጥሩን ያስባል፤ ውይይቱም ፌስቡክ ሜሴንጀር ላይ ስለሚጀመር ማሽኑ ያየዋል።

ይህን ለማግኘት ወኪልም አያስፈልግም ነበር። መጀመሪያ የነካችው ቁልፍ ራሱ ከዝርዝሩ ውስጥ Get more messages የሚል ግብ አለው። በሦስተኛው ሳምንት ያንን መረጠች። ቦታውን ከመላው ኢትዮጵያ አንስታ ሐረር ከተማን ዙሪያውን 17 ኪሎ ሜትር አደረገችው። ክቡ አወዳይንና የሶፊን ሰፊ ክፍል ይይዛል፤ ሁሉም ለገበያ ሐረር የሚወጣ ሕዝብ ነው። ቶሮንቶ ያሉትን ሐረሪዎችም ልታስገባ ፈልጋ ነበር፤ ተወችው። የካናዳ ዕይታ ከእኛው በብዙ ስለሚወደድ 2 ዶላሩ ገና ቁርስ ሳይደርስ ያልቃል።

ውጤቱ፦ 38 ሰው ጻፈ፣ 9 ሱቅ መጣ፣ 4 ቀሚስ ተሸጠ። ከመጡት ውስጥ ከሶፊ የወጡ እናትና ልጅ ነበሩ። ለአንድ ቀሚስ የወጣው 595 ብር ነው። 50 አልሞላምና ስክሪኑ ላይ ማሽኑ ገና በቂ አልተማረም የሚል ማስጠንቀቂያ መጣባት። እሱ ሲመጣ የሚያስፈራ ቢሆንም ማስታወቂያውን አያቆመውም፤ ውጤቱ ከቀን ቀን እንደሚዋዥቅ ብቻ ነው የሚናገረው። የሚጎዳው በድንጋጤ መነካካቱ ነው። ፎቶ ወይም ቦታ በተቀየረ ቁጥር መማሩ ከዜሮ ይጀምራል። 2 ዶላሩን ለሦስት ማስታወቂያ መክፈልም ያው ነው፤ ሦስቱም ሳይማሩ ይቀራሉ።

አንድ ችግር ቀረ። ከ38ቱ አብዛኞቹ «ስንት ነው?» ብለው ዋጋ ሲነገራቸው የጠፉ ናቸው። ማሽኑ ጠያቂ ፈልግ ተብሎ ጠያቂ ነው ያመጣው። በአራተኛው ሳምንት ዋጋውን ፎቶው ላይ ጻፈችው። መልእክቱ ወደ 24 ወረደ፤ የተሸጠው ወደ 5 ወጣ፣ ለአንዱ 476 ብር። እርግጥ በዓሉ እየቀረበ ስለነበር ጭማሪው ሁሉ የዋጋው ጽሑፍ ነው ማለት አይቻልም። ማታ ማታ ስልክ ይዛ የምትመልሰው ሰዓት ግን በእርግጥ ቀንሷል።

የእህቷ ልጅ አሁን ገንዘቡን ወደ 4 ዶላር እናሳድገው ይላል። እሷ ደብተሯን ገልጣ አሳየችው። ሰፊዋ በሳምንት ከ6 ቀሚስ በላይ አትጨርስም፤ አምስቱ ተይዘዋል። ለበዓሉ 8 ቀን ሲቀር ማስታወቂያውን አጠፋችው።