አስሩ የቆዳ ቀለም እርከኖች፦ ማሽኑ ማንን እንደሚስት የሚለካው ማነው?

ስልካችሁ ላይ አውራ ጣት የሚያሳየውን ኢሞጂ ጫን አድርጋችሁ ያዙት። ከተለመደው ቢጫ ሌላ አምስት የቆዳ ቀለሞች ይደረደሩላችኋል። ብዙ ሰው የራሱን መርጦ ያልፋል። እነዚህ አምስት ቀለሞች ከየት እንደመጡ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። መልሱ ትንሽ ያስገርማል፤ የመጡት ከቆዳ ሐኪም ክሊኒክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የሃርቫርዱ የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ ሶሪያሲስ የሚባለውን የቆዳ በሽታ በአልትራቫዮሌት ጨረር ለሚታከሙ ሰዎች የጨረሩን መጠን የሚወስኑበት መንገድ ፈለጉ። ጨረሩ ከበዛ ቆዳ ያቃጥላል። ስለዚህ በሽተኛውን ቀላል ጥያቄ ጠየቁት፤ ፀሐይ ላይ ስትውል ቆዳህ ይቃጠላል ወይስ ይጠቁራል? ልብ በሉ፣ የጠየቁት ስለ ቀለም ሳይሆን ቆዳው ለፀሐይ ስለሚሰጠው ምላሽ ነው። መለኪያው ሲሠራ የታሰበው ለነጮች ቆዳ ነበር። ጠይምና ጥቁር ቆዳ በኋላ ተጨምሮበት ባለ ስድስት ደረጃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2015 የኢሞጂ ቀለሞች ሲወሰኑም ይኸው መለኪያ ተወሰደና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ተጣምረው አምስት ቀለም ወጣ።

ለኢሞጂ ከሆነ ማንም አይጎዳም። ችግሩ ይኸው የሐኪም መለኪያ ፊት ለዪ ሶፍትዌሮች ጥቁር ሰዎችን ይበድላሉ ወይ የሚለውን ለመመርመርም ዋናው መሣሪያ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒ እና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ በዓለም ዙሪያ የተወራለትን ጥናት አወጡ። ከሩዋንዳ፣ ከሴኔጋል፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከአይስላንድ፣ ከፊንላንድና ከስዊድን የፓርላማ አባላት 1,270 ፎቶዎችን ሰበሰቡ። ከዚያም የማይክሮሶፍት፣ የአይቢኤምና የቻይናው ፌስ ፕላስ ፕላስ ሶፍትዌሮች በፎቶው ያለው ሰው ወንድ ይሁን ሴት እንዲለዩ አደረጉ። በጥቅሉ ሲታይ ሦስቱም ደህና ነበሩ፤ ዝቅተኛው እንኳ 88 በመቶ ገደማ ትክክል መልሷል። ውጤቱ በቀለምና በጾታ ሲከፋፈል ግን ሌላ ታሪክ ወጣ። ቆዳቸው ነጣ ያሉ ወንዶችን ሲለዩ ከ100 ጊዜ አንዴ እንኳ አይሳሳቱም። ቆዳቸው የጠቆረ ሴቶች ላይ ሲደርሱ ግን የአይቢኤም ሶፍትዌር ስህተት 34.7 በመቶ ደረሰ። ከሦስት ሴቶች አንዷ ማለት ነው።

ጥናቱ ብዙ ነገር ቀይሯል። የመለኪያው ድካም ግን እዚያው ውስጥ ይታያል። ተመራማሪዎቹ ፎቶዎቹን በስድስቱ የፊትዝፓትሪክ ደረጃዎች ቢመድቡም ዋናውን ውጤት ያቀረቡት ሁለት ላይ ጠቅልለው ነው፤ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለው «ነጣ ያለ»፣ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ያለው «ጠቆር ያለ»። ከጠይም እስከ ከሰል የጠቆረው ሁሉ አንድ ቅርጫት ውስጥ ገባ ማለት ነው። በዚያ ቅርጫት ውስጥ ማን ይበልጥ እንደሚጎዳ ለማየት ደቀቅ ያለ መለኪያ ያስፈልግ ነበር።

ባለ አስር እርከኑ የመጣው እዚህ ላይ ነው። የሠሩት ኤሊስ መንክ የሚባሉ የሃርቫርድ ሶሲዮሎጂስት ናቸው፤ ሐኪም አይደሉም። በአሜሪካና በብራዚል፣ በአንድ «ጥቁር» በሚባል ማኅበረሰብ ውስጥ ሳይቀር፣ ቆዳው ይበልጥ የጠቆረና ነጣ ያለ ሰው ኑሮ እንዴት እንደሚለያይ ያጠኑ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ጥያቄው «ፀሐይ ያቃጥልሃል ወይ?» ሳይሆን «ሰው ሲያይህ ምን ያህል ጠቁረህ ትታየዋለህ?» የሚል ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 መለኪያውን ማንም እንዲጠቀምበት በነጻ ለቀቀው። በሺህ የሚቆጠር ቀለም መደርደር ይቻል ነበር፤ ግን ፎቶ እያየ እርከን የሚሰጠው ሰው ነው፤ ምርጫው በበዛ ቁጥር ሰው ይምታታል። አስር የተመረጠው ሳይበዛም ሳያንስም እንዲሆን ነው።

መለኪያው ምን እንደሚያደርግ በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተፈጠሩ ናቸው። አንድ ድርጅት የደንበኛን ፊት ከመታወቂያ ፎቶው ጋር የሚያመሳክር ሶፍትዌር ሊገዛ ነው እንበል። ከስድስተኛ እስከ አስረኛ ካሉት አምስት እርከኖች ከእያንዳንዱ 100 ሰው ይዞ ሞከረው። ሶፍትዌሩ እውነተኛውን ባለቤት «አንተ አይደለህም» ብሎ የመለሰው በስድስተኛው እርከን 2 ሰው፣ በሰባተኛው 3፣ በስምንተኛው 5፣ በዘጠነኛው 12፣ በአስረኛው 28 ነው። በአሮጌው ዘዴ «ጠቆር ያሉ» ተብለው ቢደመሩ ከ500 ሰው 50 ተሳስቷል፤ 10 በመቶ። ሻጩ «እናሻሽለዋለን» ብሎ ሊያልፍ የሚችል ቁጥር ነው። እርከን በእርከን ሲታይ ግን ስድስተኛው ላይ ያለው ሰው ችግር መኖሩንም አያውቅም፣ አስረኛው ላይ ያለው ደግሞ ከአራት ጊዜ አንዴ በላይ ከበር ይመለሳል። ካሜራው ይስተካከል፣ ተጨማሪ የሥልጠና ፎቶ ይሰብሰብ ወይስ ሌላ ሶፍትዌር ይገዛ የሚለው ውሳኔ የሚያርፈው በዚህ በሁለተኛው ቁጥር ላይ ነው።

ስህተት ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ባለቤቱን «አይደለህም» ማለት አለ፤ ሌላውን ሰው «ነህ» ማለትም አለ። ሁለተኛው የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በዲትሮይት አቅራቢያ የሚኖረው ሮበርት ዊልያምስ ፊት ለዪ ሶፍትዌር ከሰዓት ሌባ ቪዲዮ ጋር ስላመሳሰለው ልጆቹ ፊት በካቴና ታስሮ ተወስዷል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙ አልጎሪዝሞችን ሲፈትሽ ይህ ዓይነት የተሳሳተ ማመሳሰል በምዕራብና በምሥራቅ አፍሪካውያን እንዲሁም በምሥራቅ እስያውያን ፊት ላይ ከፍ ብሎ፣ በምሥራቅ አውሮፓውያን ላይ ዝቅ ብሎ አግኝቶታል። ለፍተሻው ከዋሉት ፎቶዎች መካከል የኢትዮጵያውያን የማመልከቻ ፎቶዎችም ነበሩበት። ነገር ግን ኒስት ሰዎቹን የመደበው በትውልድ አገር እንጂ በቆዳ ቀለም አልነበረም። ስህተቱ የመጣው ከቀለሙ፣ ከፊት ቅርጹ ወይስ ሶፍትዌሩ የእኛን ዓይነት ፊት አይቶ ስለማያውቅ ነው? አገር ብቻውን ይህን አይመልስም። አንድ አገር ውስጥ ስንት ዓይነት ቀለም እንዳለ ለኢትዮጵያዊ መንገር አያስፈልግም።

እንግዲህ መለኪያው ጥሩ ነው ብለን ዝም እንዳንል የሚያደርጉ ነገሮችም አሉ። የመጀመሪያው ዓይን ነው። እርከኑን የሚሰጠው ሰው ነው ብለናል፤ ሰው ደግሞ ቀለም የሚያየው በለመደው ነው። አማርኛን ውሰዱ። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እንላለን። አዲስ አበባ ውስጥ «ቀይዋ ልጅ» የምትባለው ስቶክሆልም ስትሄድ ያለ ጥርጥር ጥቁር ናት። ሁለቱም ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች የእሷን ፎቶ አይተው ከአስሩ እርከን አንድ ምረጡ ቢባሉ አንድ ቁጥር ላይ ላይገናኙ ይችላሉ። የጎግል ተመራማሪዎች ይህን ራሳቸው ፈትሸውታል። የ19 ሰዎችን 1,515 ፎቶዎች በተለያየ ብርሃን፣ በመነጽርና ያለ መነጽር አዘጋጅተው ለመዳቢዎች ሰጡ። የመዳቢዎቹ መልስ በአመዛኙ ከባለሙያው ምደባ ጋር ቢቀራረብም፣ ከተለያየ የዓለም ክፍል የመጡ ሰዎች እርከኖቹን የሚረዱበት መንገድ ይለያያል። ምክራቸው አንድ ፎቶ ለአንድ ሰው አይሰጥ፣ መዳቢዎቹም ከአንድ አካባቢ አይሁኑ የሚል ነው። ርካሽ መንገድ አይደለም፤ ስለዚህም ነው ብዙ ድርጅት የሚዘለው ብሎ መጠርጠር የሚቻለው።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። ከጀርባው ነጭ ግድግዳ ያለ ጥቁር ሰው ሲነሳ ካሜራው ግድግዳውን አይቶ ብርሃን ይቀንሳል፤ ፊቱ ይጨልማል። ያው ሰው በረንዳ ላይ ሲነሳ ሁለት እርከን ሊነጣ ይችላል። ከፎቶ የሚነበበው የታየው ቀለም እንጂ የሰውየው ቆዳ አይደለም። ከአንድ ፎቶ ተነስቶ «ይህ ሰው ዘጠነኛ ነው» ብሎ መመዝገብ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው በአስሩ ቀለሞች መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ይህን ብዙም ሰው ሲያነሳው አይሰማም። ቀለሞቹ በኮምፒውተር ቁጥር ተጽፈው ስለሚገኙ ማንም ሊያያቸው ይችላል። አምስተኛው `#d7bd96`፣ ስድስተኛው `#a07e56` ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርከኖች በዓይን ለመለየት እስኪቸግሩ ይቀራረባሉ፤ ከአምስተኛው ወደ ስድስተኛው ግን ትልቅ ዝላይ አለ፤ ከአስሩ ሁሉ ሰፊው ክፍተት ይኸው ነው። ከስንዴ ቀለም በቀጥታ ወደ ቡና ይሄዳል። መሐል ላይ የሚወድቁ ብዙ ሰዎች፣ የእኛን «ቀይ ዳማ» ጨምሮ፣ ወደ አንዱ ወገን መገፋታቸው አይቀርም። የሶኒ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2023 ሌላ ጉድለት አሳይተዋል፤ ከነጭ ወደ ጥቁር ብቻ የሚሄድ መለኪያ ቆዳው ወደ ቀይ ወይም ወደ ቢጫ ማድላቱን አያይም። የቆዳን ቀለም በቃል ሲገልጽ የኖረ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

የመጨረሻው ቁጥር ነው። መለኪያውን አስር ላይ በከፈልከው መጠን በየእርከኑ የሚቀረው ሰው ያንሳል። እነዚያን 1,270 የፓርላማ ፎቶዎች በአስር እርከንና በጾታ እኩል ብናካፍላቸው ለአንዱ ክፍል የሚደርሰው 63 ገደማ ነው። በ63 ፎቶ ላይ 3 ስህተት ሲገኝ 5 በመቶ ነው፤ 3 ሌላ ቢጨመር 10 በመቶ ይሆናል። ሦስት ፎቶ ውጤቱን እጥፍ አደረገው። እኩል ማካፈሉም ምኞት ነው። ከ2018ቱ ጥናት በፊት ለፍተሻ ከሚውሉት የታወቁ የፎቶ ስብስቦች በአንዱ 79.6 በመቶ፣ በሌላው 86.2 በመቶ የሚሆኑት ሰዎች ቆዳቸው ነጣ ያለ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ስብስብ ዘጠነኛና አስረኛ እርከን ላይ የሚቀረው እፍኝ የማይሞላ ሰው ነው።

ይህ ሁሉ እዚህ አገር ላለ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ፋይዳ ሲመዘገብ ፊት ይነሳል፤ ፊትን አይቶ በር የሚከፍት ስልክም በየኪሱ አለ። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የሚገዛ ባንክም ሆነ መሥሪያ ቤት ሻጩ «99 በመቶ ትክክል ነው» ሲለው ዝርዝሩን ይጠይቅ፤ በየእርከኑ ስንት ሰው ተሞከረ? እርከኑን የሰጡት እነማን ናቸው፣ ከየትስ ናቸው? ባለቤቱን መመለስና ሌላውን ማስገባት ለየብቻቸው ስንት ጊዜ ተከሰቱ? አስረኛው እርከን ላይ የተሞከሩት አስራ ሁለት ሰዎች ብቻ ከሆኑ አንድም ስህተት ባይገኝ ገና አልተሞከረም ማለት ነው፤ የጎደሉትን ሰዎች እዚሁ ማግኘት ደግሞ ከባድ አይደለም።