በራሴ ላሳትም ወይስ ለአሳታሚ ልስጥ?

ስለ ሕፃናት አያያዝ ለዓመታት ስጽፋቸው የቆዩትን ማስታወሻዎች ሰብስቤ መጽሐፍ ላደርጋቸው ስነሳ ሁለት መንገድ ቀረበልኝ። አንድ አሳታሚ ወጪውን ሁሉ ችሎ 1000 ቅጂ ሊያሳትም፣ ለእኔም ከሽፋኑ ዋጋ 10 በመቶ ሊከፍለኝ ፈቀደ። ሁለተኛው መንገድ ማተሚያ ቤት ሄጄ በራሴ ገንዘብ ማሳተም ነበር።

ማተሚያ ቤቱ ለ160 ገጽ መጽሐፍ 500 ቅጂ በ150 ሺህ ብር እንደሚሠራ ነገረኝ። የእያንዳንዱ ቅጂ ወጪ 300 ብር ይሆናል ማለት ነው። 1000 ቅጂ ባሳትም ግን ወደ 220 ብር ይወርዳል፤ የማተሚያው ዝግጅት ለጥቂቱም ለብዙውም ያው አንድ ስለሆነ። ቅናሹ ያጓጓል፤ ነገር ግን ያልተሸጠ መጽሐፍ አልጋ ሥር ሲከማች ርካሽ መሆኑ ምንም አይጠቅምም።

ስለዚህ አንባቢዎቼን ቆጠርኩ። ስልካቸውን የያዝኩት 400 ያህል እናቶችና አያቶች ነበሩ። በ500 ብር ሂሳብ አስቀድመው እንዲከፍሉ ስጠይቅ 180ዎቹ ከፈሉ፤ 90 ሺህ ብር ሆነ። «እገዛለሁ» ማለትና መክፈል ለየቅል ናቸው፤ የሚቆጠረው የከፈለው ብቻ ነው። ለቀሪው 60 ሺህ ብር አከፋፋይ አነጋገርኩ። ከሽፋኑ ዋጋ 35 በመቶ ስለሚወስድ ለእኔ በቅጂ 325 ብር ይደርሰኛል። ስለዚህ 185 ቅጂ ሲሸጥልኝ ወጪዬ ይመለሳል። የሚተርፉት 135 መጻሕፍት በሙሉ ቢሸጡ ትርፌ ወደ 44 ሺህ ብር ነው። አሳታሚው ጋ ደግሞ 1000ው ሁሉ ቢያልቅ 50 ሺህ ብር አገኛለሁ፤ ያውም ምንም ሳላወጣ።

በገንዘቡ ብቻ ቢሆን አሳታሚው ይሻል ነበር። ሚዛኑን የደፋው ሌላ ነገር ነው፤ ውሉ የማሳተም መብቱን ለአምስት ዓመት ለእርሱ ይሰጣል፣ እርማትም የሚገባው ያሳተመው አልቆ እንደገና ሲታተም ብቻ ነው። የክትባት ነገር ግን ይለወጣል። በአገራችን ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ያነበበች እናት አንዱ ይበቃል ብላ ልትቀር ትችላለች። እኔ የጻፍኩት እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ስለሆነ 500 አሳትሜ ሲያልቅ አርሜ ልቀጥል ወሰንኩ።

የልጅነት ትዝታ ወይም የቤተሰብ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ለአሳታሚው እሰጥ ነበር፤ የማያረጅ ነገር አምስት ዓመት ቢቀመጥ አይጎዳም። አስቀድመው የከፈሉኝም 180 ሳይሆኑ 40 ቢሆኑ፣ የጡረታ ገንዘቤን ለማተሚያ ቤት አላስረክብም ነበር። ያኔ አሳታሚውን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሕክምና መረጃ ሲለወጥ የእርማት ወረቀት በየመጽሐፉ ውስጥ እንዲገባ በውሉ ላይ ይጻፍልኝ።