አሸዋ የጠበስኩበት ገጽ

ሳይት ኢንጂነሩ ከጠረጴዛቸው መሳቢያ አንድ የቆየ ሎግቡክ አውጥተው «እስኪ ይህን አንብብና ምን እንደተማረ ንገረኝ» አሉኝ። ከእኔ በፊት እዚያው ሳይት የነበረ የኢንተርንሺፕ ተማሪ ትቶት የሄደ ነው። «ዛሬ የፌሮ ሥራ ተመለከትኩ»፣ «ዛሬ የሶሌታ ሙሌት ተመለከትኩ» እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ፣ የእጅ ጽሑፉም አንድ ዓይነት ፍጥነት ያለው፣ ባንድ መቀመጫ የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል። እሳቸው ግን ጣታቸውን ያሳረፉት አንድ መስመር ላይ ነበር። በዚያ ቀን ሙሌት እንደነበረ ተጽፏል፤ ቀኑ ጥምቀት ነው። ባሕር ዳር ላይ በጥምቀት ቀን ኮንክሪት የሚሞላ ሳይት እኔ አላውቅም።

እኔ ያኔ የአራተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። የተመደብኩበት ሕንፃ ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚሠራ ጂ ፕላስ ፎር ነው። ዩኒቨርሲቲው የሰጠን ደብተር ቀን፣ የተከናወነ ሥራ፣ የተገኘ እውቀትና የሱፐርቫይዘር ፊርማ የሚሉ ዓምዶች አሉት። «የተገኘ እውቀት» የሚለው ዓምድ ተማሪውን ሁሉ ያስዋሻል፤ በየቀኑ አዲስ እውቀት የሚያገኝ ሰው የለምና። ኢንጂነሩ ይህን ስለሚያውቁ ባዶ ብተወው አይከፋቸውም ነበር። የሚከፋቸው ሳይት ዲያሪው ላይ ከሰፈረው የማይገጥም ነገር ነው። ሳይት ዲያሪ ማለት ኮንትራክተሩና አማካሪው የየቀኑን አየር ሁኔታ፣ የሠራተኛ ብዛት፣ የማሽንና የሥራ ዓይነት የሚመዘግቡበት መዝገብ ነው። ፈታኝ መምህር ሳይት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዬ ደብተሬን ከዲያሪው ጋር ማስማማት ሆነ። ዲያሪው የሚጻፈው በፈረንጆች ቀን ነው፤ ሰዓቱም እንደዚያው። እኔ «ሙሌት 3 ሰዓት ተጀመረ» ብዬ ብጽፍና ዲያሪው 9:00 ቢል እኛ እንግባባለን፤ ከወራት በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይ ሰው ግን ኮንክሪት በሌሊት ተሞላ ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከፊት ገጽ ላይ «ቀንና ሰዓት ሁሉ እንደ ሳይት ዲያሪው» ብዬ ጽፌ ተገላገልኩት።

አሁን ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ ገጽ ነው። ግንቦት ላይ፣ የሁለተኛው ፎቅ ኮለኖች የሚሞሉበት ጠዋት ነበር። ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አድሯል። ካሴፎርማው ታስሮ፣ ስታፋው ተቆጥሮ፣ አማካሪው ፈርሞ አልቋል። ሚክሰሩ ተነሳና የመጀመሪያው ቅልቅል ወጣ። ኢንጂነሩ ስላምፕ እንድለካ ስላዘዙኝ ኮኑን እርጥብ ላሜራ ላይ አቆምኩት። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። በሦስት ድርብ ሞላሁት፣ እያንዳንዱን ድርብ በብረት ዘንጉ 25 ጊዜ ወጋሁትና ኮኑን ቀጥ አድርጌ አነሳሁት። ኮንክሪቱ ቁጭ አለ። በሜትር ሲለካ የወረደው 17 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ለዚህ ሥራ የተፈቀደው ከ10 አይበልጥም።

ፎርማኑ ሚክሰር ኦፕሬተሩ ላይ ጮኸ። ኦፕሬተሩም በእግዜር ስም እየማለ «እንደ ሁልጊዜው ነው ውሃ ያደረግሁት!» አለ። እውነቱን ነበር። ለአንድ ከረጢት፣ ማለትም ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ፣ 25 ሊትር ነው የሚጨምረው፤ ያን ቀንም የጨመረው 25 ሊትር ነው። ኢንጂነሩ ወደ እኔ ዞረው «እንግዲህ ቀሪው ውሃ ከየት መጣ? ለደብተርህ የሚሆን ነገር ይኸውልህ» ብለው ሄዱ።

ከአሸዋው ክምር ውስጥ፣ ከላይ ሳይሆን ክንድ ያህል ቆፍሬ፣ አንድ ኪሎ አወጣሁና በስቶሩ ሚዛን መዘንኩት። ከዚያ የዘበኛውን ምጣድ ለምኜ ከሰል ላይ አስቀመጥኩና አሸዋውን ጠበስኩት። ሠራተኞቹ «ቆሎ ደረሰ ወይ?» እያሉ ተሳለቁብኝ። እያማሰልኩ፣ ቀለሙ ገርጥቶ እንፋሎቱ እስኪያልቅ ጠበቅሁ፤ መዝኜ መልሼ ምጣዱ ላይ አደረግሁት፤ ደግሜ ስመዝነው ክብደቱ አልተለወጠም። ደርቋል ማለት ነው። የቀረው 950 ግራም ነበር። ለአንድ ከረጢት ቅልቅል የሚገባው አሸዋ መቶ ኪሎ ገደማ ስለሆነ፣ አሸዋው ራሱ ይዞት የገባው ውሃ 5 ሊትር ያህል ነው። ኢንጂነሩ ከኦፕሬተሩ ባልዲ ላይ 5 ሊትር አስቀነሱ። የሚቀጥለው ቅልቅል ስላምፕ 8 ሳንቲ ሜትር መጣ፤ ከዚያው ቅልቅል ስድስት ኪዩብ ሞላን።

ማታ የጻፍኩት ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ያየሁትን፣ በእጄ የሠራሁትንና የገመትኩትን ለየብቻ ጻፍኩ፤ ይህን መለየት ያስተማሩኝ ኢንጂነሩ ናቸው። «ሌሊት ዝናብ ነበር» የሚለው ዲያሪው ላይም ስላለ የሚጣራ ነው። የስላምፑ ቁጥር የእኔ ልኬት ነው። «የስላምፑ መብዛት ምክንያት የአሸዋው እርጥበት ነው» የሚለውን ግን «ይመስለኛል» ብዬ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ቅልቅል ለአጥሩ መሠረት ሥር ማንጠፊያ እንዲሆን መወሰዱንም ጨመርኩ።

ዓርብ ለፊርማ ሳቀርብላቸው ትንሽ ፈራሁ። ድርጅቱ የተበላሸ ቅልቅል አወጣ የሚል ወረቀት ላይ ነው የሚፈርሙት። አነበቡትና «ዋጋና የክፍያ ሰርተፊኬት እስካልገለበጥክ ድረስ የሆነውን ጻፍ» አሉኝ። ያስተካከሉት አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ የኮለኑን ስፋት 30 ብዬ ነበር፣ ድሮዊንጉ 40 ይላል። በፍሉድ ላጠፋው ስል እጄን ያዙኝ። በአንድ መስመር ተሰርዞ የድሮው እየታየ፣ አዲሱ ከጎኑ ተጽፎ፣ ሁለታችንም አጠገቡ ፈረምንበት። በፍሉድ የተቀባ ቦታ ያለበት ደብተር ፈታኝ ፊት ሲቀርብ ከሥሩ ምን እንደነበረ ማስረዳት የሚችል ሰው አይኖርም።

ኪዩቦቹ ሦስቱ በ7ኛው ቀን ተጫኑ፤ አማካዩ 17.9 ሜጋ ፓስካል ሆነ። ለሲ-25 ኮንክሪት በሰባት ቀን ሁለት ሦስተኛውን ያህል መድረሱ ደኅና ነው። ውጤቱን በመጣበት ቀን ገጽ ላይ ጻፍኩና «የሙሌቱን ቀን ገጽ ይመልከቱ» አልኩ፤ እዚያኛው ገጽ ላይም ወደዚህ የሚመራ ቁጥር አስቀመጥኩ። የ28ኛው ቀን ውጤት ሲመጣ ግን የኢንተርንሺፑ ጊዜ አልቆ፣ የድርጅቱ ግምገማም በታሸገ ፖስታ ተሰጥቶኝ ነበር። የክፍል ጓደኛዬ «ቀኑን ወደኋላ አድርገህ ጻፈው፣ ማን ያውቃል?» አለኝ። ኢንጂነሩን ጠየቅኋቸው። የላብራቶሪውን ወረቀት ኮፒ ፈርመው ሰጡኝና በደብተሩ መጨረሻ «ተጨማሪ» በሚል ርዕስ ሥር በደረሰኝ ቀን እንድጽፈው አደረጉ። አማካዩ 26.4 ነበር።

ፈታኙ መምህር ደብተሩን ገልብጠው እዚያ ተጨማሪ ገጽ ላይ ቆሙ። ቀኑን ከፖስታው ላይ ካለው ቀን ጋር አስተያዩና «ይህ ከጨረስክ በኋላ ነው የተጻፈው» አሉ። አዎ፣ ውጤቱ የደረሰኝ ያኔ ነው አልኳቸው። ወደ ሙሌቱ ቀን ገጽ ተመለሱ። ኪዩቡ 15 በ15 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ከላብራቶሪው ወረቀት ላይ አንዱን ጭነት፣ 594 ኪሎ ኒውተን፣ ለ22,500 ካሬ ሚሊ ሜትር በስልካቸው አካፈሉ። 26.4 መጣ። ከዚያ የዝናቡን መስመር አነበቡና «የሳይት ዲያሪው ኮፒ አለህ?» አሉኝ። የዚያን ቀኑ ገጽ ብቻ ነበረኝ፤ ሰጠኋቸው።

«አሸዋውን ከላይ ነው ከውስጥ የወሰድከው?»

«ከውስጥ ነው።»

«እሱን አልጻፍከውም» አሉና በገጹ ኅዳግ ላይ በእርሳስ «በቃል አስረድቷል» ብለው ጽፈው ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ።