ከባነሩ በፊት ስሙ

የማስታወቂያ ሥራ ላይ ነኝ። ባነር እናትማለን፣ ስቲከር እንቆርጣለን፣ ላይት ቦክስ እንሠራለን። የሰፈር ምግብ ቤት የሚከፍቱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ወደኛ የሚመጡት ቤቱን ተከራይተው፣ ድስቱንና ምድጃውን ገዝተው፣ ገንዘባቸው ሊያልቅ ሲል ነው። ስሙንም እዚያው ኮምፒውተሩ ፊት ቆመው ያወጣሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር ያሳዝነኛል።

በቅርቡ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ ሽሮ፣ ፍርፍር፣ ጨጨብሳና ፉል ልትሸጥ ያሰበች እህት መጣች። የያዘችው ስም «አዲስ ልዩ ጣዕም ምግብ ቤት» ነበር። «እስኪ ለእህትሽ ደውለሽ አንድ ጊዜ ብቻ ንገሪያትና ጽፋ ትላክልሽ» አልኳት። የመጣው መልእክት «አዲስ ጣእም» ይላል። «ልዩ» ወድቋል፣ «ዕ»ም «እ» ሆኗል። በላቲን ፊደል ቢጻፍማ እያንዳንዱ ሰው በራሱ መንገድ ነው የሚጽፈው። ስሙን ሰምቶ ቴሌግራም ላይ የሚፈልጋት ደንበኛ የሌላ ሰው ቤት ያገኛል ማለት ነው።

ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ጆሯችን አይለያቸውም። «ፀሐይ» የሚለው ስም ብቻውን ቢያንስ ስድስት ዓይነት አጻጻፍ አለው። ስሙን የምትወዱት ከሆነ ተዉት አልልም፤ ሰው ሊሳሳትበት እንደሚችል ግን አውቃችሁ ምረጡት። ቶሞካን እዩት። ከሦስት የጣልያንኛ ቃላት መነሻ ተቆርጦ የወጣ ስም ነው። የሰማው ሁሉ በአንድ ዓይነት ይጽፈዋል፣ ሌላ ነገርም አይመስልም።

ከዚያ «ጎረቤቶችሽ ቤቱን ምን ብለው ይጠሩታል?» አልኳት። ሱቋ የሕንፃው ጥግ ላይ ስለሆነ፣ ሳይከፈት ጀምሮ «ጥጓ ቤት» ይሉታል። በዚሁ «ጥግ» ላይ ተስማማን። ሁለት ፊደል ነው፤ ሞክሼ ፊደል የለበትም። «ቤቱን ብለቅስ?» ብላ ጠየቀች፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስሙ የተወሰነ መንገድ ወይም ሕንፃ ስለማይጠራ ሌላ ቦታም ይሄዳል አልኳት። ምግቡን ግን ስሙ ውስጥ አላስገባነውም። ክትፎ ወይም ጥብስ በስሙ ያለበትን ቤት፣ ጥሩ ሽሮ ቢኖረው እንኳን፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው አያስበውም። ስለዚህ «ጥግ» በትልቁ፣ ከሥሩ «ቁርስና ምሳ» በትንሹ ይጻፋል። ነገ እራት ብትጨምር የምትቀይረው ትንሿን መስመር ብቻ ነው።

ከማተማችን በፊት ስሙ በሌላ ሰው አለመያዙን ንግድ ቢሮ እንድታጣራ ላክኋት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ፤ ንግድ ፈቃድ ላይ የሰፈረ ስም የንግድ ምልክት አይደለም። ምልክቱ የሚመዘገበው አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ጥበቃው ለ7 ዓመት ሆኖ ይታደሳል። «ጣፋጭ» ወይም «ልዩ ጣዕም» ዓይነት ዕቃውን የሚገልጽ ቃል ብቻውን ለምልክትነት ይከብዳል፤ ማንም ነጋዴ የሚጠቀምበት ነውና።

መልኩ ላይ ብዙ ተከራከርን። ፒዛ፣ የጭማቂ ብርጭቆና ባለ ኮፍያ ሼፍ ይግቡልኝ አለች፤ ፒዛ ግን አትሸጥም። ሥዕሎቹ ሲወጡ ለጽሑፉ ቦታ ተገኘ። እኛ የምንሠራበት ልክ፣ በ3 ሜትር ርቀት ላይ ለሚነበብ ፊደል 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ነው። ከመንገዱ ማዶ እስከ ሱቋ 20 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ፊደሉ ከ17 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። 40 አደረግነው፤ የኛ ፊደል ዝርዝሩ የተጨናነቀ ስለሆነ ሰፋ ማለት ይወዳል። ጥላና ወፍራም ጠርዝ ሲጨመርበት ደግሞ ትንሿ ቅጥያ ትዋጥና «ጥግ» ከሩቅ «ጠገ» ይሆናል። ስለዚህ ያለ ጥላ፣ ደማቅና ቀጥ ያለ ፊደል መረጥን።

ቀለሙ ጥቁር በነጭ ሆነ። ባነር ላይ ቀድመው በፀሐይ የሚሞቱት ቀይና ቢጫ ናቸው፤ ከተማው ውስጥ ሰማያዊ መስለው የቀሩትን የምግብ ፎቶዎች አስተውሉ። ለመለያ የሚሆናትን ጥቁር አረንጓዴ በሩ ላይ በዘይት ቀለም ቀባችው፤ ሽርጧንም በዚያው ቀለም አሰፋች። የሚወሰድ ምግብ መያዣው ላይ የሚለጠፈው ስቲከር ያው ሁለት ፊደል ብቻ ነው።

ምግብ ቤት ልትከፍቱ ያሰባችሁ፣ ለባነር ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ስሙን በስልክ ለሦስት ሰው ንገሩና ጽፈው እንዲልኩላችሁ አድርጉ። ንድፉንም ስልካችሁ ላይ በጣት ጥፍር ልክ አሳንሳችሁ እዩት። ሦስቱም አንድ ዓይነት ከጻፉ፣ አሳንሳችሁም ከተነበበ፣ ያኔ አሳትሙ።